መዶሻው ከኮምፓሱ አጠገብ ነበር

የልጅ ልጄ በጂኦሎጂ ከተመረቀ ስምንት ወር አልፎት ነበር። በነዚያ ወራት ሃያ ሦስት የማመልከቻ ደብዳቤ ልኳል፤ ለሲሚንቶ ፋብሪካ፣ ለውኃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች፣ ለመንገድ ተቋራጮች፣ ለማዕድን ኩባንያዎች። መልስ የመጣለት ከሁለቱ ብቻ ነው፤ ሁለቱም “ስላመለከቱ እናመሰግናለን” የሚል። እናቱ ሥራ ስለምትውል ቀኑን የሚያሳልፈው ከእኔ ጋር ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ከፍቶ የሥራ ማስታወቂያ ያያል፤ ከሰዓት በኋላ ግን መልስ እንዳልመጣ ፊቱ ላይ አነብበታለሁ።

አንድ ሰኞ ማታ “እማማ፣ በምዕራብ በኩል ወርቅ የሚፈልግ ኩባንያ ጀማሪ የመስክ ጂኦሎጂስት ይቀጥራል፤ ሐሙስ ይዘጋል” አለኝ። ደብዳቤውን ጽፎ ጨርሷል፤ ጠዋት ሊልክ ነው። “እስቲ አምጣው፣ ላንብበው” አልኩት። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እነዚህ ኩባንያዎች የሚጠይቁት እንደዚያ ነውና። እኔም ሠላሳ ስድስት ዓመት የሕመምተኛ ካርድ በእንግሊዝኛ ስጽፍና ሳነብ ስለኖርኩ አላስቸገረኝም።

አንድ ገጽ ነው። ትጉህ ነኝ፣ በራሴ ተነሳሽነት እሠራለሁ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫናን እቋቋማለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለማዕድን ልዩ ፍቅር አለኝ ይላል። በልጅነቱ የነበረው ፍቅር ለኳስ እንደነበር እኔ አውቃለሁ፤ እሱን ተውኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን መነጽሬን አስተካከልኩ። “በሲሚንቶ ምርት ግንባር ቀደም በሆነው ድርጅታችሁ” ይላል፤ ለወርቅ ኩባንያ!

ልጁ ደነገጠ። ደብዳቤውን ከጓደኛው ወስዶ፣ የድርጅቱን ስም ብቻ እየቀየረ ሲልክ ነበር የከረመው። ጓደኛው ደግሞ የወሰደው ከአንድ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት ነው። እንግዲህ በአንድ ደብዳቤ ስንት ልጅ እንደሚያመለክት አስቡት። የሚያነበው ሰው ጠረጴዛ ላይ ስማቸው ብቻ የተለያየ ሠላሳ መንትዮች ይደረደራሉ ማለት ነው።

እኔ ጂኦሎጂ አላውቅም። የማውቀው የሥራ ርክክብ ነው። የሌሊት ተረኛ ነርስ ጠዋት ስታስረክበኝ “ሦስት ቁጥር ደህና አድሯል” ካለችኝ ምንም አልነገረችኝም። “በስምንት ሰዓት 38.6 ነበር፣ መድኃኒት ሰጠሁት፣ በአሥር ሰዓት ስለካው 37.4 ወረደ” ካለችኝ ግን ሕመምተኛውንም እሷንም አወቅኋቸው። እናም ልጁን “ትጉህ መሆንህን ተወው። በእጅህ የሠራኸው ምንድን ነው? የት? ስንት ቀን?” አልኩት።

“የመመረቂያ ሥራዬ ላይ ካርታ አንስተናል” አለኝ። ይህ ደብዳቤው ውስጥ በአንድ መስመር፣ ያውም ከሥር ነው ያለው። “ደብተርህን አምጣው” አልኩት።

ከአልጋው ሥር ከነበረ ካርቶን ውስጥ የመስክ ደብተሩን አወጣ። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ውስጡ በጭቃ የተነካካ፣ የተጻፈው ሁሉ በእርሳስ ነው። ለምን በእርሳስ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቀለም ዝናብ ሲነካው ይፈሳል፣ እርሳስ ግን አይለቅም አለኝ። በጉጂ ዞን፣ ከሻኪሶ ወጣ ብሎ ባለ አካባቢ፣ አራት ተማሪዎች ሆነው 16 ቀን ሠርተዋል። እያንዳንዱ ገጽ ላይ የቆሙበት ነጥብ ቁጥር፣ በጂፒኤስ የተወሰደ ቦታ፣ የአለቱ ዓይነት፣ የአለቱ ንጣፍ ወዴት አቅጣጫ እንደተዘረጋና ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ፣ የወሰዱት ናሙና ቁጥርና ትንሽ ሥዕል አለ። በቡድኑ የተመዘገቡት 94 ነጥቦች ናቸው፤ 38ቱን የመዘገበው እሱ ነው።

ገጹን ሳገላብጥ አንድ ቦታ ላይ ዓይኔ ቆመ። አሥራ አንድ ቁጥሮች በአንድ ቀጭን መስመር ተሰርዘዋል፤ ከጎናቸው አዲስ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ አለ። የተሰረዘውም ይነበባል። እኛ ነርሶች ካርድ ላይ ስንሳሳት የምናርመው ልክ እንደዚህ ነው። አይፋቅም፣ አይደመሰስም፤ አንድ መስመር፣ ቀን፣ ፊርማ።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“እሱን ተዪው እማማ፣ ስህተት ነው” አለና ገጹን ሊያልፈው ፈለገ። እኔ አላለፍኩትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የዚያ አካባቢ አለቶች በጥቅሉ ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው የተዘረጉት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለካው ሁሉ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ አካባቢ ያዘነበለ አቅጣጫ ነበረው። በስድስተኛው ቀን የለካቸው አሥራ አንድ ነጥቦች ግን 25 ዲግሪ አካባቢ ሆኑ። ማታ ካርታው ላይ ሲያሰፍራቸው ንጣፉ በዚያ ቦታ የታጠፈ መሰለ። አለት ከጥንት ግፊት የተነሳ እንደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ጂኦሎጂስቶችም እጥፋት ይሉታል። ማዕድን አንዳንድ ጊዜ እጥፋት ባለበት ስለሚጠራቀም፣ ይህን ማግኘት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ጓደኞቹ ተደሰቱ፣ የቡድኑም ካርታ አማረ።

እሱ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ንጣፉ በእርግጥ ታጥፎ ከሆነ፣ አቅጣጫው ቀስ በቀስ መዞር ነበረበት፤ 12፣ 16፣ 20 እያለ። የሱ ቁጥሮች ግን በአንድ ጠዋት ዘለሉ። መጀመሪያ የጠረጠረው አለቱን ነበር። እዚያ አካባቢ ሰርፐንቲናይት የሚባል አረንጓዴ አለት አለ፤ በውስጡ ማግኔታይት ስላለው የኮምፓስ መርፌን ይስባል። በማግስቱ ከካምፑ ሁለት ሰዓት በእግር ተመልሶ ሄደ። ሰርፐንቲናይቱ ከነጥቦቹ ሩቅ ነው። ኮምፓሱን አለቱ ላይ አስቀመጠ፤ 26 አለው። ከዚያ መዶሻውን አንስቶ አምስት እርምጃ ወስዶ ጣለው። መርፌዋ ተወዛውዛ 11 ላይ ቆመች።

ነገሩ ለካ በዚያ ቀን ፎቶ ማንሳት ጀምሮ ነበር። ጂኦሎጂስቶች አለት ፎቶ ሲያነሱ፣ የሚያየው ሰው ትልቅነቱን እንዲገምት መዶሻ አጠገቡ ያስቀምጣሉ። እሱም መዶሻውን አስቀምጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ሳያነሳው እዚያው ኮምፓሱን ያስቀምጣል። የመዶሻው ብረት መርፌዋን ይስባታል። አሥራ አንዱንም ነጥቦች እንደገና ለካ። እጥፋቱ ጠፋ፣ ጓደኞቹ ተናደዱ፣ ካርታው እንደ ቀድሞው ቀጥ አለ።

“ይኼን ደብዳቤህ ላይ ለምን አልጻፍከውም?” አልኩት።

“አሳሳቅሽኝ እማማ። ተሳስቼ ነበር ብዬ ሥራ ልለምን?”

እናቱ ከሥራ መጥታ ሰማችን። ከሱ ጋር ነው የወገነችው። “እማዬ፣ ደግሞ የዛሬ ጊዜ ቀጣሪ! ስህተቱን ራሱ ከነገራቸው በምን ዕዳቸው ይቀጥሩታል?” አለች። ልጄ የባንክ ሠራተኛ ናት፤ በሷ ቤት ጉድለት ያመነ ሰው ከደመወዙ ይቆረጥበታል። እውነቷን ነው ብዬ ትንሽ አመነታሁ።

በማግስቱ ዕድሜውን በማዕድን ፍለጋ የጨረሰ ጎረቤታችንን ቡና ጠራሁት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ከሚቀጥሯቸው ወጣቶች ደብዳቤ መርጦ ለፈተና የሚጠራው እሱ ነበር። የልጁን ደብዳቤ ተቀብሎ፣ ሲኒውን ሳያስቀምጥ አንብቦ ጨረሰና “ይኼን ለመቶኛ ጊዜ ማንበቤ ነው” አለ። ከዚያ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። “በኮር ምዝገባ ሰፊ ልምድ አለኝ” የሚለው ላይ።

ወላጆች ይህን ቃል ልጆቻችሁ ሲያነሱት ሰምታችሁ ይሆናል፤ እኔም ያን ዕለት ነው በደንብ የገባኝ። መቆፈሪያ ማሽኑ ጫፉ ላይ አልማዝ ያለበት ክብ ቱቦ አለው። አለቱን እየቆረጠ ሲወርድ፣ በቱቦው ውስጥ እንደ ሸንኮራ አገዳ ያለ የአለት ዘንግ ይቀራል። ኮር የሚሉት እሱን ነው። ወደ ላይ ያወጡትና በጥልቀቱ ቅደም ተከተል ረጃጅም ሳጥን ውስጥ ይደረድሩታል፤ በየመካከሉ ጥልቀቱ የተጻፈበት እንጨት ይገባል። ጀማሪ ጂኦሎጂስት ካምፕ ሲደርስ ብዙ ቀኑን የሚያሳልፈው ከነዚህ ሳጥኖች ፊት ነው። ስብርባሪውን አገጣጥሞ በሜትር ይለካል፣ የአለቱን ዓይነት ይጽፋል፣ የት ኳርትዝ እንዳለ፣ የት እንደተሰበረ ይመዘግባል።

ጋሼ ወደ ልጁ ዞረ። “ቆፋሪው ሦስት ሜትር ወረድኩ አለህ። አንተ ሳጥኑ ላይ ስትለካ ሁለት ሜትር ከሰባ ሆነ። ምን ትጽፋለህ?”

“90 በመቶ ወጥቷል ብዬ።”

“ከሁለት ሜትር ከሰባው ውስጥ፣ አሥር ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑት ቁርጥራጮች ብቻ ሲደመሩ ሁለት ሜትር ከአሥር ቢሆኑስ?”

“ለሦስት ሜትር አካፍዬ 70 በመቶ። የአለቱ ጥንካሬ መለኪያ ነው።”

“ጎበዝ። ስንት ሳጥን መዝግበህ ታውቃለህ?”

ልጁ አንገቱን ደፋ። “አንድ። ለትምህርት ወስደውን፣ ለሁለት ሆነን።”

“እንግዲያው አንድ ሳጥን ብለህ ጻፍ። ‘ሰፊ ልምድ’ ካልከኝ ፈተናው ቀን ሦስት ሳጥን ፊትህ አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ ውሸታም ነህ። ‘አንድ ሳጥን’ ካልከኝ ግን አስተምርሃለሁ።”

ከዚያ ስለጎደለችው ሠላሳ ሳንቲሜትር ነገረን፤ ዋናው ነገር እሷ ናት አለ። አለቱ ጠንካራ ከሆነ ሙሉውን ይወጣል። የጎደለው፣ የደቀቀና የለሰለሰ ቦታ ላይ ደርሶ ውኃው ስላጠበው ሊሆን ይችላል። ወርቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ አለቱ በተሰነጣጠቀበትና በተፈጨበት መስመር ነው የሚገኘው። አለቃውን ላስደስት ብሎ “100 በመቶ” የጻፈ ልጅ፣ ኩባንያው ከሁሉ በላይ ሊያውቀው የሚፈልገውን ቦታ ነው የደበቀው። ማሽኑ ተነቅሎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ የሚያይ የለም፤ የሚቀረው የልጁ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ጋሼ ወሬ ሲጀምር አያቆምም፣ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ኮሩ በመጋዝ ለሁለት ይሰነጠቃል አለ። ግማሹ በቁጥር በታሸገ ከረጢት ወደ ቤተ ሙከራ ይሄዳል፤ ግማሹ ሳጥኑ ውስጥ ለምስክር ይቀራል። በከረጢቶቹ መካከል፣ በብዙ ቦታ ከሃያ አንድ ያህል፣ ወርቅ እንደሌለው የታወቀ አለት ሆን ተብሎ ይገባል። ቤተ ሙከራው የትኛው እንደሆነ አያውቅም። ወርቅ የሌለው ከረጢት ወርቅ አለው ተብሎ ከተመለሰ፣ የሆነ ቦታ ላይ ተበክሏል ማለት ነው።

“በምን ይበከላል?” አልኩት።

እጄን አየና ሳቀ። “በቀለበትሽ።”

እንዲያብራራ አስገደድኩት። አንድ ቶን አለት ውስጥ ሁለት ግራም ወርቅ ከተገኘ፣ ሌላው ነገር ከተመቸ፣ ማዕድን ማውጫ ሊከፈትበት ይችላል። አንድ ከረጢት ሦስት ኪሎ ነው እንበል፤ በቶን አንድ ግራም ያለበት ሦስት ኪሎ ውስጥ ያለው ወርቅ ሦስት ሚሊግራም ብቻ ነው። ከቀለበት ላይ በአሸዋ ተፍቆ የሚወድቅ ብናኝ ይህን ያህል ቀላል ቁጥር ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ናሙና የሚነካ ሰው ወርቅ አያደርግም። እኛም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስንገባ ቀለበት እናወልቃለን፤ ምክንያቱ ሌላ፣ ሕጉ አንድ።

የዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ምክንያት ሲነግረን እንደ ልቦለድ ነው የሰማሁት። ብሬ-ኤክስ የሚባል የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ፣ ቦርኒዮ ደሴት ላይ ቡሳንግ በተባለ ቦታ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ የሆነ የወርቅ ክምችት አገኘሁ አለ። አክሲዮኑ ሰማይ ነካ። በ1997 (እ.ኤ.አ.) ሌላ ኩባንያ መጥቶ ጎን ለጎን ሲቆፍር ይህ ነው የሚባል ወርቅ አጣ። ናሙናው ላይ የወርቅ ብናኝ ይጨመርበት ነበር። ኮሩ ደግሞ ግማሹ ሳይቀመጥ ሙሉውን ይፈጭ ስለነበር፣ ሳጥን ከፍቶ ማመሳከር የሚቻልበት መንገድ አልነበረም። ብዙ ሰው ጡረታውን ሳይቀር እዚያ ውስጥ ቀልጦበታል። “ከዚያ ወዲህ” አለ ጋሼ፣ “እኔ ደብዳቤ ሳነብ የምፈልገው ጎበዝ ልጅ አይደለም። ጎበዝ እዚያም ነበር።”

ይህን ጊዜ የመስክ ደብተሩን ከፍቼ የተሰረዙትን አሥራ አንድ ቁጥሮች አሳየሁት። ልጁ የመዶሻውን ነገር እየተንተባተበ ነገረው። ጋሼ ሲኒውን አስቀመጠ። ገጹን ረጅም ጊዜ አየና “እጥፋቱን አጠፋኸው?” አለ።

“አዎ ጋሼ።”

“ያስቆጭ ነበር?”

“በጣም።”

“ይኼ ይግባ” አለ። ልጄ ደግሞ ተቃወመች፤ እሱም ግማሽ መንገድ ሄደላት። ደብዳቤው በስህተት አይጀምር፣ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ይቅደም፤ ስህተቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገር፤ እንዴት እንዳወቀውና ምን እንዳደረገ ይግባ፤ ይቅርታና ማባበያ አይኑርበት። ያልታወቀ ስህተት የሚያሳፍር ነው፣ ራሱ አግኝቶ ያረመው ግን ማስረጃ ነው አላት። እሷም “እናንተ ታውቃላችሁ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች፤ ይህ በኛ ቤት እሺታ ነው።

ሌላም አንድ ነገር አለው። ኩባንያው የሚፈልግበት ቦታ ላይ ያለውን አለት አንብብ አለው። ልጁ ያን ማታ ኩባንያው ለባለአክሲዮኖቹ ያወጣውን መግለጫ አንብቦ፣ የምዕራቡ አካባቢ አለትም እንደ ጉጂው በጥንት ዘመን በሙቀትና በግፊት የተለወጠ፣ ኳርትዝ የሚያቋርጠው መሆኑን አገኘ። እንግዲህ ከሃያ ሦስቱ ደብዳቤዎች አንዱም ስለተቀባዩ ድርጅት አንዲት ቃል አልነበረበትም።

ረቡዕ ማታ የተላከው ደብዳቤ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህን ይመስላል። ሳስነብባችሁ ፈቅዶልኛል፤ ስምና አድራሻውን ትቼዋለሁ።

“ለፍለጋ ክፍል ኃላፊ። ላወጣችሁት የጀማሪ የመስክ ጂኦሎጂስት ቦታ አመለክታለሁ። በጂኦሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ፤ አማካይ ውጤቴ 3.12 ነው።

“ለመመረቂያ ሥራዬ ከሦስት ተማሪዎች ጋር በጉጂ ዞን፣ ሻኪሶ አካባቢ ለ16 ቀናት በድንኳን እየኖርን 20 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ቦታ ካርታ አንስተናል። ከ94ቱ የመስክ ነጥቦች 38ቱን ለክቼ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። የአካባቢው አለት አምፊቦላይት፣ ሺስትና ሰርፐንቲናይት ሲሆን ኳርትዝ በብዙ ቦታ ያቋርጠዋል። የእናንተ የፍለጋ ቦታ አለት በዓይነቱ ከዚህ ጋር እንደሚቀራረብ ከመግለጫችሁ ተረድቻለሁ። የመጨረሻውን ካርታ በኪውጂአይኤስ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

“በስድስተኛው ቀን የለካኋቸው 11 አቅጣጫዎች ከቀደሙት 15 ዲግሪ ያህል ስለተለዩ በማግስቱ ተመልሼ አረጋገጥኩ፤ መዶሻዬን ከኮምፓሱ አጠገብ አስቀምጬ ኖሮ ስህተቱ የኔ ነበር። ሁሉንም እንደገና ለክቼ፣ የቀድሞውን ቁጥር ሳልፍቅ በጎኑ አረምኩ፤ በካርታችን ላይ የነበረው እጥፋትም ተነሣ። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አያይዣለሁ።

“ኮር የመመዝገብ ልምዴ በትምህርት ጉብኝት፣ ከአንድ ተማሪ ጋር ሆኜ የመዘገብኩት አንድ ሳጥን ነው። የወጣውን ኮር በመቶኛና የአለቱን ጥንካሬ ማስላት እችላለሁ፤ የናሙና አያያዝ ሥርዓታችሁን ግን ከናንተ መማር ይኖርብኛል። መንጃ ፈቃድ የለኝም። በካምፕ መኖርና በፈረቃ መሥራት እችላለሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሥራ ልጀምር እችላለሁ። ሥራዬን የሚያውቁ የሁለት መምህራን አድራሻ ከታች አለ።”

ይኸው ነው። ከግማሽ ገጽ ብዙም አይበልጥም። “መንጃ ፈቃድ የለኝም” የሚለውን ልጄ አሁንም አልወደደችውም። ማስታወቂያው ግን ፈቃድ ያለው ቢሆን ይመረጣል ይል ነበር፤ የሌለውን ቀድሞ መናገር ይሻላል ብሎ ያስገባው ራሱ ልጁ ነው። እኔ የጨመርኩት አንዲት ቃል የለችም፤ የያዝኩት ሥራ መሰረዝ ብቻ ነበር። ልጃችሁ ደብዳቤ እንድታነቡለት ሲሰጣችሁ እጃችሁ ለመጨመር ነው የሚፈጥነው፤ የኔም እንደዚያው ነበር። ግን ፈተና ክፍል የሚገባው እሱ ነው፤ በኔ ቃል የተጻፈውን በሱ አፍ ማስረዳት አይችልም።

ሦስት ሳምንት ዝም አሉ። ጋሼን መንገድ ላይ ሳገኘው ፊቱን ማየት አፍር ጀመር። ከዚያ አንድ ጠዋት ተደወለ። ፈተናው ላይ የጠበቀው ልክ የተባለው ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አንድ የኮር ሳጥን፣ ሜትርና ባዶ ወረቀት። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ቁርጥራጮች ሆን ተብሎ ተገልብጠው ገብተው ነበር፤ አንዱን አገኘው፣ ሌላውን አላገኘውም። ከጠያቂዎቹ አንዷ የደብተሩን ፎቶ አውጥታ “መዶሻውን ስትጥለው ስንት እርምጃ ነበር?” አለችው። አምስት አላት። “እጥፋቱን ብትተወው ማን ያውቅብህ ነበር?” አለችው። “ማንም” አላት። ከዚያ ወዲያ ስለ ኳርትዝ ጠየቁት፤ ቤት ሲመጣ በኳርትዙ ጥያቄ ወድቄያለሁ ብሎ አልጋው ላይ ተደፋ።

ወስደውታል። የስድስት ወር ሙከራ ነው፤ ካምፕ ውስጥ ስድስት ሳምንት ሠርቶ ሁለት ሳምንት ቤት ይመጣል። ቦታው ቆላ ስለሆነ የወባ ነገር እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል። አጎበሩን ቀዳዳ እንዳለው በመብራት እያየሁ ነው የጠቀለልኩለት። ትኩሳት ከያዘው “ብርድ ነው” ብሎ ሳይተኛ በዚያው ቀን ደሙን እንዲመረመር አስምዬዋለሁ። ኮር በመጋዝ ሲሰነጠቅ ውኃ እየፈሰሰበት መሆን አለበት፤ በደረቁ ሲሰነጠቅ ካየህ አፍህን ሸፍነህ ራቅ፣ የአለት ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም አልኩት። “እሺ ነርስ” አለኝ እየሳቀ።

ሊሄድ ሲል፣ ሻንጣው በር ላይ ቆሞ፣ አንድ ነገር ትዝ አለውና ተመለሰ። ሲመረቅ እኔ ያሠራሁለትን የወርቅ ቀለበት ከጣቱ ላይ አወለቀ፤ አንገቱ ላይ ያለችውንም የክርስትናውን ሀብል ፈታ። ሁለቱንም በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። አሁን የመርፌና ክር ቆርቆሮዬ ውስጥ ናቸው።